የዓርቡን ማስታወቂያ የሚተካ ደብዳቤ

የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኮምቦልቻ

ለላይን 3፣ ለላይን 5 እና ለፊኒሺንግ ክፍል ሠራተኞች

ጉዳዩ፦ የካቲት 7 በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ስለመነሳቱና በዚህ ደብዳቤ ስለመተካቱ

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ዓርብ ማታ ፈረቃ ሲቀያየር በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ዛሬ ጠዋት በእጄ ነቅዬዋለሁ። የሚተካው ይህ ደብዳቤ ነው። ለ46ታችሁም በየስማችሁ በፖስታ ታሽጎ በእጃችሁ ይሰጣል። በር ላይ አይለጠፍም።

የዓርቡ ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው። ሳላነብ ፈረምኩት ብል ውሸት ይሆናል። አንብቤዋለሁ። ግን ቁጥሩንና ቀኑን ለማጣራት ነው ያነበብኩት፣ ቃሉን ልብ አላልኩትም። ልብ ያልኩት ከበሩ ስወጣ ነው። ከኦቨርሎክ አንዲት እናታችን (ራሷን ታውቃለች) ማንበብ ለማይችሉት ጮክ ብላ እያነበበችላቸው ደረስኩ። «ከሥራ ተሰናብተዋል» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ ዞር ብላ አየችኝና «ምን ሰረቅንብህ ልጄ?» አለችኝ። አንድም ቃል አልወጣኝም። ባጃጅ ይዤ ቤቴ ገባሁ፣ ቅዳሜና እሁድንም ያቺን ጥያቄ ይዤ ነው የዋልኩት።

በኋላ ፋይል ሳገላብጥ ነገሩ ተገለጠልኝ። ቢሮአችን ወረቀቱን ያዘጋጀው በዲሲፕሊን ከወጣ ሰው የድሮ ደብዳቤ ላይ ገልብጦ ነው። ስሙን ቀየሩ፣ ቀኑን ቀየሩ፣ ቃሉ እንዳለ ቀረ። ስለዚህ በደል ያለበት ሰው የሚጻፍለት ቃል ለእናንተ ተጻፈ። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከናንተ ውስጥ አንድም ሰው በጥፋት አልወጣም።

አሁን ቃላቱን አንድ በአንድ ላንሳቸው፣ ምክንያቱም አንዳንዶቹን ቀይሬያለሁ፣ አንዳንዶቹን ደግሞ ሆን ብዬ ትቻቸዋለሁ።

«ተሰናብተዋል» ወጥቷል። በጥንቱ አማርኛ መሰናበት ክብር ያለው ቃል ነው፣ እንግዳ ቤት ሄዶ ተመራርቆ መውጣት ነው። ፋብሪካ በር ላይ ግን ትርጉሙ ሌላ ሆኗል። «እገሌ ተሰናበተ» ሲባል ሰው የሚሰማው «ተባረረ» የሚለውን ነው፣ ቀጥሎም «ምን አድርጎ?» ይላል። ቤት አከራይ ይጠይቃል፣ ዕድር ላይ ይወራል፣ ቀጣዩ ቀጣሪም ይጠረጥራል። በምትኩ የገባው «የምንሠራው ሥራ ስላነሰ የቅጥር ውላችሁ ሚያዝያ 10 ያበቃል» የሚለው ነው። ረዘም ይላል፣ ግን ምክንያቱ ከማን በኩል እንደመጣ ይናገራል።

«ተቀናሽ ሠራተኞች» እና «ትርፍ የሰው ኃይል» የሚሉትም ወጥተዋል። ተቀናሽ ከደመወዝ የሚቆረጥ ሂሳብ ነው። ትርፍ ደግሞ ከመቁረጫ ጠረጴዛ ሥር የሚጠረገው ጨርቅ ነው። ሰባት ዓመት ኮሌታ ስትሰፋ የኖረች ሴት ሁለቱንም አይደለችም። ሕጉ «የሠራተኛ ቅነሳ» ይለዋል፣ እሱን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትቼዋለሁ፣ መብታችሁ የተንጠለጠለው በዚያ ስም ላይ ስለሆነ።

«ንብረት አስረክበው ግቢውን እንዲለቁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። መቀስና መታወቂያ የምትመልሱት በመጨረሻው ቀን ነው፣ እንደ ማንኛውም ሰው። እስከዚያ ግቢው የናንተም ነው።

«ማስጠንቀቂያ» ላይ ብዙ አሰብኩ። የሁለት ወሩን ጊዜ ሕጉ «የማስጠንቀቂያ ጊዜ» ብሎ ይጠራዋል። ችግሩ እኛ ግቢ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ሲባል አርፍዶ የመጣ ሰው የሚሰጠው ወረቀት ነው። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ «አስቀድሞ የማሳወቂያ ጊዜ» ብዬዋለሁ። ፋይላችሁ ውስጥ በሚገባው ቅጽ ላይ ግን የሕጉን ስም ስታዩ አትደንግጡ፣ ያው ነው።

«የሥራ ስንብት ክፍያ» የሚለውን አልነካሁትም። የገንዘቡ ስም ነው። ስሙን አሳምሬ ብቀይረው ነገ ክርክር ቢነሳ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄዳችሁ የምትጠይቁት ነገር ስም ያጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ቅዳሜ ዕለት ቃሉን እናለስልስ ስል ከቢሮ የመጣልኝ ሐሳብ «በፈቃዳቸው የለቀቁ» እንበል የሚል ነበር። ለጆሮ ደስ ይላል። የሚያስከፍላችሁ ግን ብዙ ነው፣ በፈቃዱ የለቀቀ ሰው በቅነሳ የሚከፈለው ክፍያ የለውም። «በስምምነት ተለያየን» የሚለውም ያው ነው፤ ማን አማከራችሁና ነው የተስማማችሁት? እንዲህ የሚል ወረቀት ማንም ቢያመጣላችሁ፣ እኔም ብሆን፣ አትፈርሙ። «ወደ አዲስ ምዕራፍ እየተሸጋገራችሁ ነው» የሚል ሐሳብም ነበረ። እሱን ሳነበው ሳቄ መጣ፣ የቤት ኪራይ ያለበት ሰው በየትኛው ምዕራፍ ነው የሚከፍለው?

የተስተካከለው ማስታወቂያ እንግዲህ ይህ ነው፦

«ውድ የሥራ ባልደረባችን፣

ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ አገራችን ከአጎዋ ገበያ ስለወጣች ልብሳችን አሜሪካ የሚገባው ቀረጥ ተከፍሎበት ነው። የውጭ ደንበኛችን ኦርደሩን በየዓመቱ ሲቀንስ ቆይቶ ባለፈው ኅዳር አቁሟል። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የምናስመጣው ክርና ዚፕ በብር በጣም ተወዷል። የአገር ውስጥ የዩኒፎርም ሥራ ይዘናል፣ ሆኖም ሁሉንም ላይን የሚያሠራ አይደለም። በዚህ ምክንያት ፋብሪካው ካሉት 310 ሠራተኞች የ46ቱን ውል ለማቆም ተገዷል። እርስዎ ከነዚህ አንዱ ነዎት።

ይህ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሠራተኛ ቅነሳ ነው። የሆነው በሥራ መቀነስ ነው፤ በእርስዎ ላይ የቀረበ ክስ፣ የተመዘገበ ጥፋት ወይም የችሎታ ማነስ የለም።

አስቀድሞ የማሳወቂያው ጊዜ ሁለት ወር ነው። ከነገ የካቲት 11 ጀምሮ ይቆጠርና ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ውልዎ ያበቃል። በሁለቱ ወራት ደመወዝዎ ሳይጓደል ይከፈላል።

የሥራ ስንብት ክፍያዎ፣ ለቅነሳ ተጨማሪ የሚከፈለው የ60 ቀን ደመወዝ እና ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ተሰልቶ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ስሌቱ ላይ ጥያቄ ካለዎት ሳይፈርሙ ይጠይቁ።

እስካሁን ስለሠሩልን እናመሰግናለን። ሥራ ሲገኝ አስቀድመን የምንጠራው እርስዎን ነው።»

እዚህ ላይ ያበቃል። «እናመሰግናለን» የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ የዓርቡ ወረቀት ላይ አንድም ቦታ አልነበረም። «ሥራ ሲገኝ እንጠራለን» የሚለውም ለማባበያ የገባ አይደለም፣ የ46ታችሁ ስም ዝርዝር ከነስልካችሁ ለማኅበሩ ተሰጥቷል፣ ከውጭ ሰው ስንቀጥር ቢያዩን ይጠይቁናል።

የስሌቱን ነገር ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ በምሳሌ ላሳይ። አምስት ዓመት የሠራች አንዲት ልጅ የቀን ደመወዟ 150 ብር ነው እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ 4,500 ብር ነው። ለቀሩት አራት ዓመታት ለእያንዳንዱ የዚያ ሲሶ፣ 1,500 ብር፣ አራቱ 6,000 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ የቅነሳው የ60 ቀን 9,000 ብር ይጨመራል። ድምሩ 19,500 ብር ነው። የዓመት ፈቃድ ገንዘብ ከዚህ ውጭ ነው። የሚቆረጥ ካለ በወረቀቱ ላይ ምን እንደሆነ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፣ ያልተጻፈ ነገር አይቆረጥም።

የሚከፈልበትን ቀን በተመለከተ፣ ሕጉ ውሉ ካበቃ በኋላ ሰባት የሥራ ቀን ይሰጠናል። ሚያዝያ 10 ግን ስቅለት ነው፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነው። ሰባት ቀን ቆጥረን ብንከፍል በዓሉ ያለ ገንዘብ ያልፋል። ስለዚህ ረቡዕ ሚያዝያ 8 በባንክ ይገባላችኋል። ይህን ከፋይናንስ ጋር ተጨቃጭቄ ነው ያስፈረምኩት፣ ፊርማው አለ። ረመዳንም የሚውለው በዚሁ ሁለት ወር ውስጥ ስለሆነ ለጿሚዎች የከሰዓት ፈረቃ ከኢፍጣር በፊት እንዲያበቃ አድርገናል፣ እንደ አምናው።

ማን ይቆይ ማን ይሂድ የሚለው በጥር ወር ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ሁለት ጊዜ ተቀምጠን ታይቷል። መጀመሪያ የታየው የሥራ ችሎታና ምርት ነው፣ እኩል የሆኑት ላይ አገልግሎቱ አጭር የሆነው አስቀድሞ ወጣ። የኛ ዝርዝር 49 ነበር። ማኅበሩ በሦስት ሰዎች ላይ ተከራክሮ አሸነፈን። ቅር ያለው ሰው ካለ አሁንም በማኅበሩ በኩል ወይም በቀጥታ ወደ እኔ ይምጣ፣ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮም በሩ ክፍት ነው፣ እዚያ መሄድ እኛን መክሰስ መስሎ አይታየንም።

የሥራ ልምድ ወረቀታችሁ የሠራችሁትን ሥራ፣ የቆያችሁበትን ጊዜና ደመወዛችሁን ብቻ ይናገራል። ክፍያ የለውም። «ተሰናበተ» የሚል ቃል አይገባበትም፣ ረቂቁን ራሴ አይቼዋለሁ። ደሴም ሆነ አዲስ አበባ ሥራ ስትጠይቁ ቀጣሪው ስልክ ቢደውል የሚያነሳው የስፌት ክፍል ሱፐርቫይዘራችሁ ነው፣ የሥራችሁን ጥራት የሚያውቀው እሱ ስለሆነ።

ሐሙስ የካቲት 13 ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ካፍቴሪያው ውስጥ እንቀመጣለን። ማሽን ይቆማል፣ ሰዓቱ እንደ ሥራ ይቆጠራል። የሚያነብላችሁ የምትፈልጉ ሰዎች ፖስታችሁን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናነባለን። ቡና ይፈላል። መስደብ የፈለገም ይስደበኝ፣ እሰማለሁ።

የዓርቡን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም የላካችሁ ልጆች አልተቆጣሁም፣ እኔም ብሆን እልከው ነበር። ወደ ላካችሁበት ቦታ ሁሉ ግን ይህንንም አብራችሁ ላኩልኝ፣ በተለይ «ተሰናበቱ» ተብላችሁ ወሬው የደረሳቸው ቤተሰቦቻችሁ ጋ።

ከሰላምታ ጋር

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ

ግልባጭ፦ ለሠራተኛ ማኅበሩ፣ ለሰው ኃይል ክፍል፣ ለፋይናንስ ክፍል