ለቤት ቁጥር 12 አዲስ ተከራይ፦ ውሃው የሚዘጋበትና የሚፈተሽበት መንገድ

እንኳን ደህና መጡ። ዕቃዎን ሳይደረድሩ፣ ዛሬ ለአንድ ሰዓት ያህል ውሃውን ይዩልኝ። አልጋና ቁምሳጥን ከገባ በኋላ ግድግዳ ሥር መፈተሽ አይመችም።

እዚህ አራት ኪሎ ባለን ሕንፃ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መዝጊያው ላይ ነው። ቧንቧ ሲፈነዳ ምድር ላይ ወዳለው ቆጣሪ ይሮጣል። እዚያ ቢዘጉ ግን የሚቆመው ወደ ጣሪያ የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው፤ ሮቶው ውስጥ ያለው 1,000 ሊትር ቤትዎ ውስጥ መፍሰሱን ይቀጥላል። እኔም ተታልዬ የታችኛውን ጎረቤት ኮርኒስ አበላሽቻለሁ።

ቤቱን የሚዘጋው ሻወር ቤት በር ጀርባ፣ ከቦይለሩ ሥር ያለው ቀይ እጀታ ነው። እጀታው ከቧንቧው ጋር አንድ አቅጣጫ ከያዘ ክፍት፣ ከተሻገረው ዝግ ነው። አሁኑኑ ዘግተው የማድቤቱን ቧንቧ ይክፈቱ። መስመሩ ላይ የቀረው ወርዶ ካላቆመ መዝጊያው አይሠራም፤ ይደውሉልኝ። ለክፉ ቀን ሁለተኛው መዝጊያ ጣሪያ ላይ፣ «12» ተብሎ ከተጻፈበት ሮቶ ሥር አለ። የጣሪያው ቁልፍ ዘበኛው ጋ ነው። ውሃ ሲዘጉ የቦይለሩንም ማብሪያ ያጥፉ።

ከዚያ ቀዩን እጀታ መልሰው ይክፈቱና ፍተሻውን ይጀምሩ። ማድቤት ሲንኩን ሞልተው በአንዴ ይልቀቁት፤ በቀስታ የሚወርድ ውሃ የሲፎኑን ችግር አያሳይም። ከሥሩ ያሉትን ፍሌክሲብሎችና መጋጠሚያዎች በደረቅ ሶፍት ይጥረጉ፤ ዓይን ያላየውን እርጥበት ሶፍት ያሳያል። የእጅ መታጠቢያውም እንዲሁ ነው። ሻወሩን ዘግተው ትንሽ ይጠብቁ፤ ነጠብጣቡ ካልቆመ ጎሚኒው አልቋል። ቦይለሩ ውሃ ሲያሞቅ ከደህንነት ቫልቩ ጠብ ጠብ ቢል አይደንግጡ፤ ጠፍቶም ሳያቋርጥ የሚያፈስ ከሆነ ግን ይንገሩኝ።

ተንኮለኛው ሽንት ቤቱ ነው፤ ሳይሰማ ሌት ተቀን ያፈሳል። የቀይ ሥር ቅቅል ውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጨምረው ሳይለቁ 30 ደቂቃ ይቆዩ። ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ ውስጥ ያለው ጎማ አይዘጋም።

ከሮቶው በፊት ያለውን መስመር የሚፈትሹት ውሃ በሚመጣበት የፈረቃ ቀን፣ ሮቶው ሞልቶ ሲያበቃ ነው። ሳይሞላማ ቆጣሪው መዞሩ አይቀርም። ቤት ውስጥ ሁሉንም ዘግተው የቆጣሪውን ትንሿን ጎማ ይመልከቱ፤ ከዞረች ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ባለው መንገድ አንድ ቦታ ያፈሳል፣ ወይም የሮቶው ተንሳፋፊ አልዘጋም። ከቆጣሪው በፊት ያለውን መዝጊያ አይንኩ፤ የውሃና ፍሳሽ ነው።

ያገኙትን ሁሉ ፎቶ አንስተው በዚህ ሳምንት ይላኩልኝ፤ የቧንቧ ሠራተኛውን የምከፍለው እኔ ነኝ። ቢሉ ግን በእርስዎ ነው፤ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ታሪፉም ስለሚጨምር የሽንት ቤቱን ፍተሻ ለነገ አያሳድሩት።