የእታለም ሙት ዓመት

እናታችን ያረፈችው ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ነው። ዛሬ ዓመቷ ሞላ። ሰፈሩ «እታለም» ይላታል፤ እኛ ልጆቿም እንደዚያው ነው የምንላት፣ የልጅ ልጆቿም ከእኛ ሰምተው እንደዚያው አሉ። ክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳን ነው። በጸሎት ለምታስቧት በዚህ አስቧት።

ብዙ አልጽፍም። ለቅሶ ቤት ሄዳ የሟች ሙገሳ ሲበዛ «ይሄን ሁሉ በቁሟ ሳለች ቢነግሯት ምን ነበር?» ትል ነበር፣ ያውም ድምጿን ሳትቀንስ። ስለዚህ የሌላትን አልጨምርላትም። ቁጡ ነበረች። በተለይ ጠዋት ጠዋት። ቡናው ተቀድቶ «ቸኩያለሁ» የሚል ሰው ካለ ወዮለት፤ እንኳን እኛን፣ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ልጅ ሳይቀር ተቆጥታ አስቀምጣዋለች። ልጁም ከዚያ ወዲህ የእኛን ቤት በቡና ሰዓት እያሰላ ይመጣ ነበር።

ባሕር ዳር ያላችሁ ብዙዎቻችሁ የምታውቋት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ነው። ገና ልጅ እግር ሆና ፈትል ክፍል ገባች፣ ጡረታ የወጣችውም ከዚያው ነው። ፋብሪካው በጣልያን የጦር ካሳ ነው የተሠራው። አባቷ አርበኛ ስለነበሩ «የአባቴን ካሳ ነው ሠርቼ የምበላው» እያለች ትስቅ ነበር። የሌሊት ሺፍት ስትሆን ማለዳ ላይ የጥጥ ብናኙ ፀጉሯ ላይ እንዳለ ትገባለች፤ ሳትተኛ እኛን አብልታ ለትምህርት ቤት ታዘጋጀናለች። እንዴት እንደምትችለው ያኔ አልጠየቅናትም። ልጅ ምን ይጠይቃል።

ጡረታ ከወጣች በኋላም ክር አልለቀቃትም። ጋቢ ይሁን ነጠላ አዲስ ነገር ስታመጡላት ቀለሙንም ጥለቱንም አታይም። ጫፉን ትይዛለች። አንዷን ክር በጥፍሯ ለይታ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ታሸዋለች፣ ትንሽ ፈታ አድርጋ መልሳ ታከረዋለች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ወደ መስኮቱ ብርሃን ታስጠጋዋለች። «ጥሩ ነው» ካለች ይለበሳል። ዝም ካለች ዕቃው ሳጥን ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ የሰጪውን ልብ እንዳትሰብር ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር «እንትና ያመጣልኝ ነው» ብላ አውጥታ ታሳያለች። እኔ የሰጠኋት አንድ ጋቢ እስካሁን ሳጥን ውስጥ ነው።

ስለ ሕመሟ አላወራም። ስኳሩም አድክሟት ነበር፣ እኛም እያየን ነበር። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ከአጠገቧ ነበርን፤ ለዚህ አምላክን አመሰግናለሁ።

የቀብሩን ጊዜ ሳስብ የሚመጣልኝ ነገር ትንሽ ይገርማል። ወንድሜ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ብለን በማግስቱ ስለቀበርናት ሣልስቷ ኅዳር ሚካኤል ላይ ዋለ። ቀኑን ታውቁታላችሁ፣ ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ጠርጎ ጠራርጎ ያቃጥላል። ጭሱ ድንኳኑን ሞላው። ሰው ሁሉ ዓይኑን ሲጠርግ አልቃሽና በጭስ የሚያነባው አልለይ አለ፤ አንዲት የፋብሪካ ጓደኛዋ «እታለም ብታይ በሳቅ ትሞት ነበር» አሉና ሁላችንም ሳቅን። በድንኳን ውስጥ እንደዚያ መሳቃችን ነውር የመሰለው ሰው ካለ ይቅር ይበለን። እኔን ግን ያን ቀን ያቆመኝ እሱ ነው።

እድርተኞቻችን፣ ድንኳኑን ተክላችሁ፣ ንፍሮውን ቀቅላችሁ፣ ሌሊቱን አብራችሁን ላደራችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልን። አርባዋ በነቢያት ጾም ስለዋለ ለተዝካሩ ሽሮና ምስሩን ሳትሰለቹ የሠራችሁ እናቶች፣ ስማችሁን ብዘረዝር አንዷን እረሳለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ለዓመታት ትወቅሱኛላችሁ።

የካቲት 16 ዘጌ ሄድን። እሷ በዓመት አንዴ ለኡራ ኪዳነ ምሕረት ንግሥ ጀልባ ትሳፈር ነበር፣ ያውም ነፋስ ተነሣ አልተነሣ እያለች፤ ጣና ዳር ኖራ ውኃ የምትፈራ ሰው እሷ ነበረች። ከገዳሙ ስትመለስ ሁልጊዜ ከአንዲት ሴትዮ ቤት የዘጌ ቡና ትገዛለች። ሴትዮዋ እኔን ሲያዩ ከኋላዬ ተመለከቱ፣ እሷን ፍለጋ። ጥቁሬን አዩ። ምንም አላሉም፣ ቡናውን ሰፍረው ሰጡኝና ሒሳብ አልቀበልም አሉ። ለምኜም እምቢ አሉ።

ሚያዝያ ላይ ደግሞ የማኅበር ተራዋ ደረሰ። የኪዳነ ምሕረት ጽዋ እናታችን ቤት የሚወጣበት ወር ነው። እኔ ማኅበርተኞቹ ዘንድሮ ይዘሉናል ብዬ ነበር። ቀደም ብለው መጥተው «ተራው የእሷ ነው፣ አንቺ ታወጪያለሽ፣ ጌሾውን እኛ እንወቅጣለን» አሉኝ። ወቀጡም። ጠላው የእሷን አልደረሰም፣ እውነቱን ለመናገር ቀጥኗል፣ ግን ጠጡት። ቄሱ ጸሎቱን አድርሰው ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ትልቋ ማኅበርተኛ እሷ ትቀመጥበት የነበረውን ቦታ አሳዩኝና «በይ ተቀመጪ» አሉኝ። አሁን በየወሩ 16 እዚያ ነኝ። ስለ እናቴ እኔ የማላውቀውን ነገር የምሰማው ከእነሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ምን አጽናናሽ ለምትሉኝ መልሴ ይሄ ነው። ሐዘን ቤቱን ዘግተው ቢተዉኝ ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ናፍቆቱን አልደብቅም። ዕለት ዕለት ይለያያል። ቅዳሜ ገበያ ስሄድ ይብስብኛል፣ ምክንያቱም በርበሬ የምመርጠው ስልክ ደውዬ «ዛላው ይሄን ይመስላል» እያልኳት ነበር። አሁን የምገዛውን ገዝቼ ቶሎ እወጣለሁ።

ጥቁሩን እሁድ አወልቃለሁ። እሷ «ከአርባ በላይ እንዳትለብሱብኝ» ብላ ነበር፣ እኔ ግን እምቢ ብዬ ዓመት ለበስኩ። አክስቴ ነጭ ነጠላ ገዝታ አምጥታለች። ጫፉን አሸሁት። ጥሩ ነው።

ጸሎቱ እሁድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቅዳሴ በኋላ በሽምብጥ ሚካኤል መቃብሯ ላይ ይደረጋል። ዕለቱ ቅበላ ስለሆነ ጾሙ ሳይገባ ብለን ነው ከዛሬ ወደ እሁድ ያዞርነው። ከዚያ ቤት መጥታችሁ ያለውን አብረን እንቀምሳለን። ትልቅ ድግስ አይደለም። ጥቁር መልበስ አያስፈልግም፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ።

ራቅ ብላችሁ ያላችሁና ገንዘብ እንላክ ያላችሁኝ፣ አመሰግናለሁ፣ ለእኛ አትላኩ። አጠገባችሁ ላለ ለተቸገረ ሰው በስሟ ስጡልን፣ ለእኛም መንገር አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ከእናንተ እፈልጋለሁ። የፋብሪካ ጊዜዋ ፎቶ እኛ ዘንድ አንድም የለም። ከፈትል ክፍል ሰዎች እሷ ያለችበት ፎቶ ያላችሁ፣ ቢደበዝዝም፣ ጥግ ላይ ብትሆንም፣ በስልክ አንስታችሁ ላኩልኝ። ሰኞም ማክሰኞም ቤት ነኝ፣ ይዛችሁ ብትመጡ ደግሞ ቡና አለ።