ትልልቅ ግድቦች ከጉዳታቸው ጥቅማቸው ያመዝናል፦ የክርክር ርዕስና የመከራከሪያ ነጥቦች

የክርክሩ ርዕስ፦ «ትልልቅ ግድቦች ከሚያደርሱት ጉዳት ይልቅ የሚሰጡት ጥቅም ያመዝናል።» ደጋፊው ወገን ይከፍታል፤ ለእያንዳንዱ ዋና ንግግር 6 ደቂቃ፣ ለአጸፋ ንግግር 4 ደቂቃ ተመድቧል።

ፍቺ፦ «ትልቅ ግድብ» ሲባል ከመሠረቱ ጀምሮ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ያለው፣ ወይም ከ5 እስከ 15 ሜትር ከፍታ ኖሮት ከ3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ የሚይዝ ነው። የእርሻ ኩሬ እያነሡ ጊዜ ማባከን አይፈቀድም።

የደጋፊው ወገን ነጥቦች፦ ዋናው ነጥብ ውኃን ከተትረፈረፈበት ወቅት ወደሚጠፋበት ወቅት ማሻገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአባይ ፍሰት በድርቅ ሲመናመን ግብፅ የከፋ ችግር ያልደረሰባት፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ያጠራቀመው ውኃ ስለነበራት ነው። ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ነው፤ የቻይናው ሦስቱ ሸለቆዎች ግድብ 22,500 ሜጋ ዋት፣ ብራዚልና ፓራጓይ የሚጋሩት ኢታይፑ ደግሞ 14,000 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ተርባይን በደቂቃዎች ውስጥ ከፍና ዝቅ ስለሚደረግ የፀሐይና የነፋስ ኃይል ሲደክም ክፍተቱን ይሞላል።

የተቃዋሚው ወገን ነጥቦች፦ ከሁሉ የሚከብደው የተፈናቃዮች ጉዳይ ነው። የዓለም የግድቦች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ሪፖርት በትልልቅ ግድቦች ምክንያት ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን ሰዎች እንደተፈናቀሉ ገምቷል። በዛምቤዚ ወንዝ ላይ የካሪባ ግድብ ሲገነባ ወደ 57,000 የሚጠጉ የቶንጋ ሰዎች ከወንዙ ዳር ተነሥተው፣ ኃይሉ ግን ወደ ከተሞችና ወደ መዳብ ማዕድን ማውጫዎች ሲሄድ ብዙዎቹ ለዓመታት በጨለማ ኖረዋል። ቀጥሎ የደለል ነገር ይነሣል፦ አፈር ተሸክሞ የመጣ ወንዝ ከተኛ ሐይቅ ሲገባ ፍጥነቱ ይበርዳል፣ ሸክሙንም እዚያው ይጥላል። በአስዋን ማሳ ያለማ የነበረው ደለል ከግድቡ ጀርባ ቀርቶ ገበሬው በማዳበሪያ ሲተካው፣ አባይ ወደ ባሕር የሚገባበትን የደልታውን ዳርቻ ደግሞ ባሕሩ እየሸረሸረው ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1975 በቻይና የባንቺያዎ ግድብ መደርመሱ፣ ከታች ያለው ሕዝብ የሚሸከመው አደጋ ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል።

የአጸፋ ንግግር መመሪያ፦ ደጋፊው ወገን መፈናቀልን ሊክድ ቢሞክር ይሸነፋል፤ ጥፋቱ የካሳና የአሰፋፈር እንጂ የግድቡ አይደለም ብሎ ቢከራከር ይሻለዋል። ተቃዋሚው ደግሞ በየአገሩ የሚደጋገም ጥፋት የአፈጻጸም ጉድለት ብቻ ሊሆን ይችላልን ብሎ ይጠይቅ። በእኔ አስተያየት ክርክሩ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ተቃዋሚውም «ግድቡ ከቀረ ኤሌክትሪኩ ከየት ይምጣ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያዘጋጅ፤ መልሱ የድንጋይ ከሰል ከሆነ የጭሱንም ጉዳት አብሮ ያስላ።

ለዳኞች፦ የጥቅሙን ድምር ከጠቀሰው ይልቅ፣ ማን እንደተጠቀመና ማን እንደከፈለ ለይቶ ያሳየው ተከራካሪ ብልጫ ነጥብ ያገኛል። በመዝጊያ ንግግር አዲስ ማስረጃ ማቅረብ አይፈቀድም።