ድር ቢያብር፣ ጣሪያው ላይ

ትናንት ከስብሰባው ስንወጣ «ተረቱን አውቀዋለሁ፣ ታዲያ ለምን ሳቃችሁ? መተባበር መጥፎ ነው ማለታቸው ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ደረጃ ላይ ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ ስላልነበረ ማታ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

መጀመሪያ የሆነውን እናስታውስ። ኃላፊያችን የመዝገብ ክፍሉን ቆጠራ ሁላችንም ተረባርበን እንድንጨርስ ሲያሳስቡ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አሉ። አንቺም ገብቶሽ ራስሽን ነቀነቅሽ። ቀጭን ክር ብቻውን ምንም ነው፤ ብዙ ሲሆን ግን አንበሳ ያስራል። ደካሞች ከተባበሩ ኃይለኛውን ያሸንፋሉ። ትክክል ነሽ፣ ከዚህ የምጨምረው የለም።

ከዚያ እትዬ፣ ከሁላችንም የቆዩት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው የጣሪያውን ጥግ አዩና «ድር ቢያብር…» አሉ። ትንሽ ዝም አሉ። «…ቤቱ አልተጠረገም ማለት ነው።»

አንቺ የሄድሽው ወደ ትርጉሙ ነው፤ እሳቸው ግን ወደ ቃሉ ነው የሄዱት። እኛ ተረቱን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሰማነው «ድር» ሲባል ድር አይታየንም። የሚታየን መተባበር ነው። እሳቸው ያንን የተረሳ ድር ከተረቱ አውጥተው ጣሪያው ላይ ሰቀሉት። የሸረሪት ድር ሆነ፣ አቧራ ያዘ። የሸረሪት ድር ደግሞ ጥግ ለጥግ ተያይዞ ካየሽ መጥረጊያ ከደረሰበት ቆይቷል። ጽዳት ሠራተኛዋ ከለቀቀች ወዲህ በቦታዋ ሰው እንዳልተቀጠረ ታውቂያለሽ። አሁን ቀልዱ በማን ላይ እንደሆነ ሳይገባሽ አይቀርም። በመተባበር ላይ አይደለም።

አንድ ጓደኛችን «ቅኔ ነው!» ሲል ሰምተሽ ይሆናል። እኔ አልስማማም። በሰምና ወርቅ ሰሙ ላይ ላዩን ይታያል፣ ወርቁ ይፈለጋል። እዚህ ግን ወርቁን ሁሉም ያውቀዋል፤ እሳቸው ፈልገው ያመጡት ሰሙን ነው። አንቺ ወርቁን ብቻ ስለተማርሽ ሰሙ ያመለጠሽ ለዚህ ነው፤ የአማርኛሽ ድክመት አይደለም።

አሁን ወደምወደው ነገር፣ ወደ ሰዋስዉ። «ቢያብር» የሚለውን ልብ በይ። ክፍል ውስጥ «ቢ» ገና ላልሆነ፣ ለሚታሰብ ነገር እንደሆነ ተምረሻል። ጣሪያው ላይ ያለው ድር ግን የሚታሰብ አይደለም፣ እዚያው አለ። በተራ ንግግር ቢሆን «ድር ካበረ ቤቱ አልተጠረገም» ይሉ ነበር። ለምን «ካበረ» አላሉም? «ካበረ» ካሉ ተረት መሆኑ ይጠፋል፤ ቀልዱ እዚያው ይሞታል። የመጀመሪያው ግማሽ አንዲት ፊደል ሳይለወጥ መቅረብ አለበት፣ ጆሯችን እንዲታለል።

ጆሯችን የሚጠብቀው ደግሞ ቤት የሚመታውን ነው፦ ያብር፣ ያስር። («ያስራል» ያልተባለው ለዚህ ቤት መምታት ነው፤ በተረት እንዲህ ያለ «አል» የጎደለው ግስ ብዙ ታገኚያለሽ።) «ያስር» ብለን ልንጨርስላቸው አፋችንን ስንከፍት ቤት የማይመታ፣ ደረቅ፣ የመምህር ዓረፍተ ነገር መጣ፦ «ማለት ነው»። እኔ ራሴ ተረት ሳስረዳሽ ስንት ጊዜ «ማለት ነው» እላለሁ? እሳቸው ተረት የሚያስረዱ መስለው ነው የተናገሩት። ፊታቸው ላይ ፈገግታ እንኳ አልነበረም።

የመጨረሻው ነገር ኃላፊው ለምን እንደሳቁ ነው። እትዬ «ጽዳት የለም፣ መጥረጊያ የለም» ቢሉ ኖሮ ወቀሳ ይሆን ነበር፤ ወቀሳ ደግሞ በሰው ፊት መልስ ይፈልጋል። እሳቸው ግን የኃላፊውን የራሳቸውን ተረት ተቀብለው መለሱላቸው። የተናገሩት ስለ ድር ነው እንጂ ስለ ማንም አይደለም። ስለዚህ ኃላፊው መሳቅም መስማትም ቻሉ። አንቺ በሦስተኛ ወርሽ ይህንን ለኃላፊ እንድትሞክሪው አልመክርሽም። እትዬ ዕድሜያቸው ይሸፍናቸዋል።

በእኔ ላይ ግን ተለማመጂ። ስብሰባ ሊያልቅ ሲል ዘግይቶ የገባ ሰው አግኝተሽ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን እንዴት ታጣምሚዋለሽ? «ቀስ በቀስ» ብለሽ ትንፋሽ ውሰጂ፤ እንቁላሉን የምንጠብቅበት ጊዜ ስጪን። ከዚያ «ስብሰባው ያልቃል» በይ። የእትዬን ለሌላ ሰው ስታወሪ ደግሞ ከ«ቢያብር» በኋላ ቀና ብለሽ ጣሪያውን እይ። ጣሪያው ንጹሕ ከሆነ ተይው።