የኤግዚት ጥናት ፕሮግራም (ላይክ አድርጋቹ ብቻ እንዳታልፉ፣ አንብቡት)

ሰላም ጓዶች፣ ትናንት ላውንጅ የተነጋገርነውን ማንም ስላልጻፈው እኔ ጻፍኩት ፒንም አድርጌዋለሁ፣ ከአሁን በኋላ "አላየሁም" አይሰራም። ስድስት ሳምንት ነው የቀረን፣ አምስት ሰው ነን፣ አራት ዓመት የተማርነውን እያንዳንዳችን ከዜሮ እንጀምር ካልን አይደርስም።

ክፍፍሉ፦ ማህሌት ዳታቤዝ፣ ኖርማላይዜሽን ላይ ቀስ በይልን ምክንያቱም 2NF እና 3NF ሁላችንም እናምታታለን። ብሩክ ኔትወርኪንግ፣ /26 ሲባል ለምን 62 ሆስት እንደሚሆን ያለ ካልኩሌተር እስክናወጣው አትለቀንም። ዮናስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ሃዊ ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም። እኔ ማንም ያልነካውን አውቶማታ ወሰድኩ፣ ምስጋናው ይቆየኝ። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ሽምደዳ ስለሆነ ሁሉም ለብቻው ያንብብ።

ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከዶርማችን ጀርባ ያለው ባዶ ክላስ። መብራት ከጠፋ ፓወር ባንክ ያለው ይዞ ይመጣል እንጂ አይቀርም። ከላይ በጻፍኩት ተራ አምስቱ ቀን አምስታችን እናስተምራለን፣ ስድስተኛው ቀን መቶ ጥያቄ በሰዓት እንሰራለን። ይሄ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ቶፒኩን የሚያስተምረው በዛ ቶፒክ ዝቅተኛ ያመጣው ሰው ነው፣ አውቃለሁ ያማል ግን ሳይገባህ ሰው ፊት ስትቆም ነው የት ጋ እንደጠፋህ የሚታወቅህ። ሶስተኛው ዙር ጥያቄ ብቻ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ባለፈው ሴሚስተር ግሩፓችን የፈረሰው ስላይድ ከፍተን አብረን ዝም ብለን ስናነብ ከዛ ወሬ ስንጀምር ነው። ስለዚህ ስላይድ ማንበብ ክልክል፣ አስተማሪው 40 ደቂቃ ቦርድ ላይ በራሱ ቋንቋ ያስረዳል፣ ሲጨርስ እጣ እናወጣለን የወጣበት ሰው ተነስቶ የሰማውን መልሶ ያስተምራል። እጣው ስላለ ማንም ተደብቆ ቲክቶክ አያይም። አስተማሪው 10 ምርጫ ጥያቄ ከነመልሱና መልሱ ለምን ትክክል እንደሆነ ጽፎ ከዋዜማው ምሽት 4 ሰዓት በፊት እዚህ ይለቃል፣ ከኢንተርኔት ገልብጦ ያመጣ እንደሌለ ይቆጠራል።

ከ10 ደቂቃ በላይ ያረፈደ ለሁሉም ሻይ ይገዛል። ዮናስዬ "መንገድ ላይ ነኝ" ብለህ ከአልጋ የምትጽፈው ነገር ቀርቷል፣ ሎኬሽን ትልካለህ። የቀረ ሰው የዛን ቀን ትምህርት ከሌላው ተረድቶ በማግስቱ የ10 ደቂቃ ቮይስ ይልካል። የታመመ ወይ ቤተሰብ ጉዳይ ያለበት ቀድሞ ይንገረን፣ ፖሊስ አይደለንም፣ ቀኑን እንቀያየራለን። ሳይናገር ሁለቴ የቀረ ግን የጥያቄ ፋይሉን አናጋራውም፣ እኔንም ጨምሮ።

የተስማማ እስከ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ስሙን ከስር ይጻፍ፣ ቅሬታ ያለው እዚሁ ይናገር በውስጥ መስመር አይደለም። ማህሌት ማርከሩ አንቺ ጋ ነው አይደል? ሰማያዊው ደርቋል አዲስ እገዛለሁ፣ 20 20 ብር አዋጡ።