አንድ፣ ሁለት፣ ጫማ ገዛሁለት

ቅዳሜ ቅዳሜ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ ትንንሽ ልጆችን አማርኛ አስተምራለሁ። ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ናቸው። ቤት ውስጥ አማርኛ ይሰማሉ፤ መልሳቸው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ቁጥር ስናጠና «ስድስት» ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይጠፋል።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት እጅ ለእጅ እየተማቱ ከዴይኬር ያመጡትን ሲሉ ሰማኋቸው። «ዋን፣ ቱ፣ በክል ማይ ሹ»። አንድም ልጅ አልተሳሳተም። አማርኛውም እንደዚህ አፋቸው ላይ ቢገባ ብዬ ተመኘሁ። ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ መሞከር ጀመርኩ።

ግጥሙ የቆየ ነው። 1805 ለንደን ውስጥ በታተመ የልጆች መዝሙር መጽሐፍ ላይ ይገኛል። አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ቁጥር ይጠራል፣ ከዚያ ከሁለተኛው ቁጥር ጋር ቤት የሚመታ አጭር መልስ ይመጣል። ጫማ፣ በር፣ ጭራሮ፣ መደርደር፣ ወፍራም ዶሮ።

መጀመሪያ ቃል በቃል መለስኩት። «አንድ፣ ሁለት፣ ጫማዬን ቆልፍልኝ።» ልጆቹ ዝም ብለው አዩኝ። ትርጉሙ አለ፤ ጨዋታው ግን የለም። ስለዚህ ትርጉሙን ትቼ ድምፁን ተከተልኩ። ይኸው፦

አንድ፣ ሁለት፣
ጫማ ገዛሁለት።

ሦስት፣ አራት፣
በር ክፈት ለራት።

አምስት፣ ስድስት፣
ጭራሮ ለድስት።

ሰባት፣ ስምንት፣
ደርድረው፣ ሆነ ስንት?

ዘጠኝ፣ አስር፣
ዶሮ በላች ምስር!

የሚባለው በጭብጨባ ነው። ቁጥሮቹ ላይ ሁለት ጊዜ፣ መልሱ ላይ ሁለት ጊዜ። ጫማ፣ ጭብ፤ ገዛሁለት፣ ጭብ። በር ክፈት፣ ጭብ፤ ለራት፣ ጭብ። እንግሊዝኛውም የሚመታው እንዲሁ ስለሆነ የልጆቹ እጅ አዲስ ነገር አልተማረም። አዲስ ነገር የተማረው አፋቸው ነው።

ያስቸገረኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የአማርኛ ቁጥር ከሁለት እስከ ስምንት ሁሉም በ«ት» ያልቃል። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቤት መምታት የቀለለ መሰለኝ። ግን ሁሉም በ«ት» ሲያልቅ ጆሮ «ት»ን መስማት ይተዋል። «ስድስት» ብሎ «ቤት» ማለት ቤት አይመታም። ከ«ት» በፊት ያለውን ድምፅ መያዝ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቁጥር የራሱን ጎረቤት ፈለግሁ።

«ስድስት»ን ወረቀት ላይ ጽፌ ሳፈጥበት የመጀመሪያዋን ፊደል በጣቴ ሸፈንኩ። ድስት! ስድስት ውስጥ ድስት ተቀምጦ ነበር፣ ዕድሜዬን ሙሉ አላየሁትም። እንግሊዝኛው እዚህ ላይ እንጨት ልቀም ነው የሚለው፤ ጭራሮው ድስቱን አገኘና አብረው ገቡ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም መጡ። «ገዛሁለት» ውስጥ «ሁለት» አለ። «አራት» መነሻውን ሲቀይር «እራት» ነው። «ስምንት» ውስጥ ያለችው «ም» ስትወጣ «ስንት» ይቀራል። «አስር» አንድ ፊደል ሲለውጥ «ምስር»። ፊደል ለሚቆጥሩ ልጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሁን ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ራሳቸው እየሮጡ መጥተው ፊደሏን በእጃቸው ይሸፍናሉ።

የከፈልኩትም ዋጋ አለ። የዶሮዋ ውፍረት ቀርቷል። ምስር ከበላች መወፈሯ አይቀርም ብዬ ተጽናናሁ። የጫማው መቆለፍም ወደ መግዛት ተለውጧል።

ለሴት ልጅ ሲሆን «በር ክፈቺ ለራት»፣ «ደርድሪው» ይባላል። «ክፈቺ» አንድ ድምፅ ትጨምራለች፤ ትንሽ ፈጠን ብሎ ማለት ነው። ጫማውን ግን «ገዛሁላት» ማድረግ አይቻልም፣ ሁለት ይጠፋል። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ «ለምንድን ነው ሁሌ ለእሱ የሚገዛው?» ብላ ጠየቀችኝ። ልክ ነበረች። እህት በሁለተኛው ክፍል እንድትገባ ያደረግሁት ለእሷ ስል ነው።

እንግሊዝኛው እስከ ሃያ ይሄዳልና እኔም ሄድኩ፦

አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት፣
ጓሮ ቆፈርኩለት።

አስራ ሦስት፣ አስራ አራት፣
እህትህን ጥራት።

አስራ አምስት፣ አስራ ስድስት፣
ማድቤት ጣድ ድስት።

አስራ ሰባት፣ አስራ ስምንት፣
የሚጠብቅ ስንት?

አስራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣
ሳህን ባዶ፣ ነይ ገበያ!

ቁፋሮው፣ ማድቤቱ፣ መጠበቁ፣ ባዶው ሳህን ከዋናው ናቸው። ዋናው ላይ በአስራ አራት፣ በአስራ ስድስትና በአስራ ስምንት የሚመጡት የቤት ሠራተኞች ናቸው። የድሮውን የአማርኛ ስማቸውን በልጅ አፍ ውስጥ ማስገባት አልፈልግም። ዛሬ ስድብ ነው። እህት ትጠራ፣ እንግዳ ይጠብቅ።

ወላጆች፣ «አስራ» ላይ አትዘግዩ። «አስራንድ፣ አስራሁለት» ብላችሁ አያይዙት፣ እንደምናወራው። ተነጣጥሎ ሲነበብ ምቱ ይወድቃል።

የመጨረሻዋ ክፍል እንግሊዝኛው ላይ የለችም። አንዲት እናት ልጄ ማታ አልጋ ላይም እያጨበጨበ አልተኛ አለኝ ስትለኝ ወደ ታች የሚቆጠር ጻፍኩላት። መጀመሪያ «አስር፣ ዘጠኝ፣ አባባ ዳቦ ሰጠኝ» ብዬ ነበር። እናቴ በስልክ ሰምታ «አያትሽን እንዲህ ነው የምትጠሪው?» አለችኝ። «አባባ ሰጡኝ» ነው መባል ያለበት። «ሰጡኝ» ደግሞ «ዘጠኝ»ን አይመታም። ልጆቹ አንቱታን የሚሰሙበት ቦታ ስንት ነው? እኔ አላበላሸውም አልኩና ዳቦውን ወንድም ሰጠ።

ይቺ ያለ ጭብጨባ ናት። ጀርባቸውን መታ መታ እያደረጋችሁ፣ ከጥንድ ወደ ጥንድ ድምፃችሁን እየቀነሳችሁ፦

አስር፣ ዘጠኝ፣
ወንድሜ ዳቦ ሰጠኝ።

ስምንት፣ ሰባት፣
አይጢት ነገሩ ገባት።

ስድስት፣ አምስት፣
አይጢት ሆነች ሚስት።

አራት፣ ሦስት፣
ሠርጓ በድስት።

ሁለት፣ አንድ፣
ተኛ በክንድ።