ሁለተኛው ደወል

የሙከራ ፈተናው ከተጀመረ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው የሰላም ምስል ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ዓይኗ በግማሽ እንደተከደነ፣ እጇ አገጯን እንደደገፈ። ወዲያው ነጭ ሳጥን ብቅ አለ፦ «ግንኙነትዎ ተቋርጧል። እንደገና ለመገናኘት እየሞከርን ነው።» ከዚያ በኋላ ገጹ ራሱ ጠፋ።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ዋናው የስታትስቲክስ ፈተና ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይጀምራል፤ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ካሜራውና ማይክሮፎኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ክፍት መሆን አለባቸው። መቋረጡ ተደማምሮ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ፈተናው በራሱ ይዘጋል፤ እስከዚያ የተሠራውም ብቻ ይታረማል። ሰላም ይህን ደንብ ደጋግማ አንብባዋለች። ለአንድ ሙሉ መንፈቅ ዓመት የደከመችበትን ትምህርት በአንድ ብልጭ ድርግም በሚል የሞደም መብራት ልታጣው መሆኑ እንቅልፍ ነሣት።

ያልሞከረችው ነገር የለም። ታናሽ ወንድሟ ናሆም ጨዋታውን እንዲዘጋ ለመነችው፤ ዘጋላት፣ ለውጥ የለም። የቤቱ ሰው ሁሉ ስልኩን ከዋይፋይ አወጣ፤ ለውጥ የለም። ሞደሙን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥታ መደርደሪያ አናት ላይ ሰቀለችው፤ ኮምፒውተሯንም በኬብል በቀጥታ ከሞደሙ ጋር አገናኘችው፤ ያው ነው። የሞባይል ዳታው ቤት ውስጥ ሲሆን ምልክቱ ለንግግር እንጂ ለምስል አይበቃም። ወደ ኩባንያው ስትደውል ትሑት ድምፅ ያላት ሠራተኛ «ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት» አለቻት። ማጥፋት ማብራቱ ባይጠቅም ባለሙያ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንደሚላክ ጨመረችላት። አምስት የሥራ ቀናት ማለት ከፈተናው በኋላ ማለት ነው።

እናቷ ዓርብ ማታ ለታላቅ እህቷ ደወለች። ወይዘሮ አስቴር ጡረታ እስከወጡበት ቀን ድረስ የስልክ መስመር ጥገና ሠራተኛ ነበሩ፤ በዘመናቸው ምሰሶ ላይ የሚወጡ ሴቶች ጥቂት ነበሩ፣ እሳቸው ግን ይወጡ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት የጨርቅ ቦርሳቸውን አንግበው ደረሱ። ከቦርሳው መጀመሪያ ያወጡት ካቻቢቴ፣ ቀጥሎ ደግሞ የመስመር ሠራተኞች ወገባቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት የመፈተሻ ስልክ ነበር።

«አክስቴ፣ በጣም ነው የሚዘገየው» ብላ ጀመረች ሰላም። «አንዳንዴ አንድ ገጽ ለመክፈት እንኳን...»

«ምን ያህል እንደሚዘገይ በኋላ ትነግሪኛለሽ። የሚቋረጠው መቼ መቼ ነው?»

ሰላም ደብተሯን ገልጣ የመጨረሻውን ገጽ አሳየቻቸው። መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ሰዓቱን ስትመዘግብ ሰንብታለች። ለኩባንያው ልታነበው አስባ ነበር፤ የጠየቃት ግን አልነበረም። ወይዘሮ አስቴር መነጽራቸውን አደረጉና ዝርዝሩን ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡት። ከዚያ ተነሥተው ሳሎን ወዳለው የቤት ስልክ ሄዱ። ስልኩ የደወለውን ሰው ቁጥርና ሰዓት የሚያሳይ ትንሽ መስኮት አለው። አንዱን ጥሪ ካንዱ እያለፉ፣ ደብተሩን በሌላ እጃቸው እንደያዙ ቆዩ።

«ነይ እዪ» አሏት።

ሐሙስ፣ የሙከራ ፈተናው በተቋረጠባት ደቂቃ፣ ጎረቤት ለእናቷ ደውላ ነበር። ረቡዕ ማታም እንዲሁ፤ ማክሰኞም እንዲሁ። ደብተሩ ላይ ከሰፈሩት መቋረጦች አብዛኛዎቹ አጠገባቸው የስልክ ጥሪ ነበራቸው።

«ግን ስልኩ ላይ ፊልተር አለው» አለች ሰላም፣ ከግድግዳው ወጥቶ በስልኩና በሞደሙ መካከል የተንጠለጠለችውን ትንሽ ነጭ ሳጥን እያሳየች።

«አለው። ጤነኛም ነው።» ወይዘሮ አስቴር ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ስለ መስመር ሲያወሩ ድምፃቸው የሚፈጥን ሰው ናቸው። «ወደዚህ ቤት የሚገባው አንድ ጥንድ የመዳብ ሽቦ ብቻ ነው። የእናትሽ ንግግርም ያንቺ ኢንተርኔትም በዚሁ ሽቦ ነው የሚሄዱት። የሰው ድምፅ ከ4 ኪሎኸርዝ በታች ባለው ስፍራ ይጓዛል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ከ25 ኪሎኸርዝ ተነሥቶ እስከ 1.1 ሜጋኸርዝ ድረስ ያለውን ይዟል። ድንበራቸውን የሚጠብቅላቸው ፊልተሩ ነው። አንድም ስልክ ያለ ፊልተር መስመሩ ላይ ከተቀመጠ የኢንተርኔቱን ጉልበት ቀኑን ሙሉ ይጠጣል። ደወል ሲመጣማ፣ ደወል ማለት እኮ ከ70 ቮልት በላይ ነው፣ ያን ጊዜ ሞደሙ ጨርሶ መስመሩን ይስታል።»

«ሌላ ስልክ ግን የለንም» አለች እናቷ ከበሩ ላይ።

ወይዘሮ አስቴር መልስ አልሰጧትም። በሞደሙ ገጽ ላይ መስመሩ የሚለውን ማየት ፈለጉ። ሰላም `192.168.1.1` ብላ ከፈተችላቸው። ወደ ቤት የሚወርደው 1,100 ኪሎቢት በሰከንድ፣ ከቤት የሚወጣው 190 ብቻ ይላል። ሰላም ለወራት ያየችው የሚወርደውን ቁጥር ነበር፤ ፊቷን ወደ ፈታኞቹ የሚያደርሰው ግን የሚወጣው ነው። በ190 ኪሎቢት የካሜራ ምስል አይተነፍስም።

«ይህ ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?»

«ከሦስት ሳምንት አይበልጥም። በፊትም ፈጣን አልነበረም፤ ትምህርቴን ግን በቪዲዮ እከታተል ነበር።»

ወይዘሮ አስቴር የእጅ ስልካቸውን አወጡ። «ሁላችሁም ዝም በሉ። ቴሌቪዥኑን አጥፉት። ናሆም፣ የሳሎኑን ስልክ ገመድ ንቀለው» አሉና ወደ ቤቱ ቁጥር ደወሉ።

ሳሎኑ ጸጥ አለ። የሞደሙ መብራት ወዲያው ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ወይዘሮ አስቴር ግን ሞደሙን አላዩም፤ ጆሯቸውን አቅንተው በመተላለፊያው ቀስ እያሉ ተራመዱና መጨረሻ ላይ ባለው የተዘጋ በር ፊት ቆሙ። ከውስጥ፣ በጣም ከቀረቡ ብቻ የሚሰማ፣ ጨርቅ ውስጥ የታፈነ የደወል ድምፅ ይመጣ ነበር።

የሰላምና የናሆም አያት ክፍል ነው።

በሩን ከፈቱት። አልጋው ተነጥፎ፣ መጽሐፎቹ ተደርድረው፣ በራስጌው ጠረጴዛ ላይ አሮጌው መደወያው የሚዞር ጥቁር ስልክ ቦታው ላይ ተቀምጧል። ወይዘሮ አስቴር ስልኩን ገልብጠው የታችኛውን ክዳን ፈቱ። ከሁለቱ የብረት ደወሎች መካከል የታጠፈ ቁራጭ ጨርቅ ነበር።

«እኔ ነኝ ያጠፍሁት» አሉ። «አባባ ከታመሙ በኋላ ደወሉ ያስደነግጣቸው ነበር። ስልኩ ከአጠገቤ ይራቅ ግን አይሉም። ሰው ሲደውል ከአልጋቸው ሳይነሡ እንዲያነሡት ይህን ገመድ ከሳሎን ድረስ የዘረጋሁትም እኔ ነኝ። ከሞቱ በኋላ ግን ከግድግዳው ነቅዬው ነበር።»

እናቷ አልጋው ላይ ተቀመጠች። «እኔ ሰካሁት» አለች ቀስ ብላ። «ባለፈው ክፍሉን ሳጸዳ። ገመዱ መሬት ላይ ወድቆ አየሁት፤ ሁሉም ነገር እሱ እንደተወው እንዲሆን ፈለግሁ እትዬ። እንደሚሠራ እንኳ አላሰብሁም።»

ማንም ምንም አላላትም። ሰላም እናቷ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። በሦስት ሳምንት ውስጥ ናሆምን፣ ኩባንያውን፣ ሞደሙን፣ ጎረቤቶቹን ሁሉ ጠርጥራለች፤ አሁን ምክንያቱ ፊት ለፊቷ ሲቀመጥ የምትቆጣው ሰው አጣች።

«ለዚህም ፊልተር ማድረግ ይቻላል አይደል?» አለች። «እዚያው ይቆይ።»

«ይቻላል። ግን ጥፋቱ የስልኩ ብቻ አይደለም፤ ገመዱም ነው።» ወይዘሮ አስቴር በግድግዳው ጥግ የሚሄደውን ጠፍጣፋ ሽቦ በጣታቸው ተከተሉት። «በዚያን ጊዜ የነበረኝ ይህ ነበር፤ ሽቦዎቹ እርስ በርሳቸው አልተገመዱም። ለድምፅ ይበቃል፤ ለኢንተርኔት ግን የባዘነ ቅርንጫፍ ነው፤ ምልክቱ ገብቶበት መውጫ አጥቶ ይመለሳል። ሰኞ ፈተና ላለባት ልጅ ይህን አላስቀርም። ስልኩ ይቆይ፣ ገመዱን ከሳሎኑ መገጣጠሚያ ላይ እፈታዋለሁ።»

እህታቸውን አዩ። እናቷ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች፤ ከዚያ ስልኩን ራሷ ከግድግዳው ነቅላ ገመዱን በጥንቃቄ ጠቅልላ ከሥሩ አስቀመጠችው።

የሳሎኑ ሥራ ብዙ አልፈጀም። ሁለት ብሎኖች፣ ሁለት ቀጭን ሽቦዎች። ወይዘሮ አስቴር የመፈተሻ ስልካቸውን ሰክተው ዓይናቸውን ጨፍነው መስመሩን አዳመጡ፤ ደስ እንዳላቸው ከፊታቸው ይታወቅ ነበር። ሞደሙ እንደገና መስመሩን ፈልጎ ሲያገኝ ሰላም ገጹን አደሰችው። የሚወርደው 8,128። የሚወጣው 832።

ናሆም እልል አለ። ወይዘሮ አስቴር ግን አልጨረሱም። ሰላምን ካሜራዋን አስከፍተው ከናሆም ጋር በቪዲዮ እንድትነጋገር አደረጉና ከበረንዳው ሆነው ወደ ቤቱ ደጋግመው ደወሉ። የሳሎኑ ስልክ ይጮኻል፣ እናቷ ታነሣለች፣ ትዘጋለች፣ እንደገና ይጮኻል። መብራቱ ንቅንቅ አላለም። እሑድ ማታ ሰላም የሙከራ ፈተናውን እንደገና ወሰደች፤ እስከ መጨረሻው ሄደላት።

ሰኞ በሦስት ሰዓት ፈተናው ተከፈተ። ለጥንቃቄ የቤት ስልኩ እንዲነቀል ተነጋግረው ነበር፤ በጠዋቱ ጥድፊያ የነቀለው ሰው አልነበረም። ሰላም ሦስተኛውን ጥያቄ ጨርሳ አራተኛውን ስታነብ ሳሎኑ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። እጇ ቁልፎቹ ላይ እንዳለ ቆመ። ዓይኗ ሳታዘው ወደ ስክሪኑ ጥግ ሄደ፤ ምስሏ ይንቀሳቀሳል። ስልኩ ለሁለተኛ ጊዜ ጮኸ፤ እናቷ ሮጣ አነሣችው። ምስሏ አሁንም ይንቀሳቀሳል። ሰላም አራተኛውን ጥያቄ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ እንደገና አነበበችው።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ «መልስዎ ደርሶናል» የሚለውን አይታ ከክፍሏ ስትወጣ የቤት ስልኩ እንደገና ጮኸ። ራሷ አነሣችው።

«አንድም ጊዜ አልተቋረጠም አክስቴ!» አለች ሰላምታ እንኳን ሳትሰጥ። «ስልክም ተደውሎ ነበር፣ ምንም አልሆነም!»

«እሱንማ አውቃለሁ፤ የደወልሁት እኔ ነኝ፤ ሰዓቱን ተሳስቼ አልቋል ብዬ» አሉ ወይዘሮ አስቴር። «ስለ መስመሩ አይደለም የጠየቅሁሽ። ፈተናው እንዴት ነበር?»

ሰላም የስልኩን ገመድ ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ስለ አራተኛው ጥያቄ ትነግራቸው ጀመር።